ምዕራፍ 7፦ የኮርኒሱ ውሃና የ30 ቀን ቆጠራ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በተለይ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢ ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለ ቤታቸው ብልሽት ሲያወሩ "ስንት ጊዜ ነገርኳቸው መሰለህ!" ማለታቸው የተለመደ ነው። እውነታቸውን ነው። ደውለዋል፣ ኦፊሱ ድረስ ሄደዋል፣ የጥገና ሠራተኛውን ኮሪደር ላይ ሲያገኙትም ይዘውት ገብተው አሳይተዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ዳኛው የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው። አከራዩ ነገሩን በጽሑፍ ያወቀው መቼ ነው? ካወቀ በኋላ ምን አደረገ? ምን ያህል ጊዜስ ወሰደበት? እነዚህን ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደተነገረ ማስታወስ ብቻ አይበቃም፤ ቀኑ ያስፈልጋል።

ይህ ምዕራፍ ተከራይ ለአከራዩ ስለሚጽፈው አንድ ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ውስጥ እያንዳንዱ የጥገና ጥያቄና መልስ በየቀኑ የተዘረዘረበት ሰንጠረዥ አለ። ቨርጂኒያን የመረጥኩት ብዙዎቻችን የምንኖርባት ስለሆነች ብቻ አይደለም። የግዛቷ የተከራይና አከራይ ሕግ ለአከራዩ የሚሰጠውን ጊዜ በቀን ቆጥሮ ስላስቀመጠ፣ ሰንጠረዡ ምን ሥራ እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ እዚያ የምትኖሩ የቀኖቹን ቁጥር ከዚህ እንዳትወስዱ።

ሕጉ አከራዩን ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ እንዲይዝ፣ የቧንቧውን፣ የኤሌክትሪኩንና የማሞቂያውን ሥርዓት በደህና እንዲጠብቅ፣ እርጥበት ተጠራቅሞ ሻጋታ እንዳያበቅል እንዲከላከልና ተከራይ ስለዚህ ሲያስታውቀው ቶሎ ምላሽ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ካላደረገ፣ ተከራይ ኪራዩን ለፍርድ ቤት ገቢ እያደረገ አከራዩን መክሰስ ይችላል። በሕጉ ክፍል 55.1-1244 የተቀመጠው ይህ መንገድ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አከራዩ ስለ ብልሽቱ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያውቅ ተደርጎ መሆን አለበት። ለማስተካከል በቂ ዕድል ተሰጥቶት ሳያስተካክል መቅረት አለበት። ተከራዩም ኪራዩን ከመክፈያው ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ገቢ ማድረግ አለበት። አከራዩ ማስታወቂያው ከደረሰው ከ30 ቀን በላይ ካለፈ፣ እሱ ተቃራኒውን ካላስረዳ በስተቀር መዘግየቱ አላግባብ እንደሆነ ይገመታል። እስከ 30ኛው ቀን ድረስ መዘግየቱ አግባብ እንዳልነበረ የማስረዳት ሸክሙ የተከራዩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አከራዩ ይዞራል።

አከራዩም መከላከያ አለው። ዳኛው ፊት ቀርቦ ብልሽቱ የለም ወይም ተጠግኗል ሊል ይችላል። ብልሽቱን ያመጣው ራሱ ተከራዩ፣ ቤተሰቡ ወይም እንግዳው ነው ሊል ይችላል። ላስጠግን ብዬ ሰው ስልክ ያለ በቂ ምክንያት አላስገባም አለ ሊልም ይችላል። ሰንጠረዥ ስትሠሩ እነዚህን ሦስቱን ከፊታችሁ አስቀምጡ። ደህና የተሠራ ሰንጠረዥ የሚባለው አከራዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሦስቱንም የመለሰ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንሂድ። ታሪኩ የአንድ የተወሰነ ሰው አይደለም፤ በእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ላይ በተደጋጋሚ ከሚታየው ተነስቼ ሂደቱን ለማሳየት ያቀናበርኩት ነው። ተከራይዋ ከእናቷ ጋር በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ኪራይዋ በወር 1,900 ዶላር ሲሆን የሚከፈለው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው። በ2025 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ የመታጠቢያ ቤቷ ኮርኒስ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው እርጥብ ቦታ ታየ። የሚከተለው ሰንጠረዥ በፌብሩዋሪ 18 ከጻፈችው ደብዳቤ ጋር የተያያዘው ነው። የላከችው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ለአንባቢ እንዲመች በአማርኛ አስቀምጬዋለሁ።

| ቀን (2025) | ያስታወቅሁት | በምን መንገድ | የተሰጠው መልስ | ማስረጃ |
|---|---|---|---|---|
| ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ | የመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ እርጥብ ቦታ፣ የመዳፍ ስፋት | በስልክ፣ ለኦፊሱ | "ሰው እንልካለን" ተባለ፤ ቀን አልተቆረጠም | የስልኩ የጥሪ መዝገብ |
| ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ | ያው ቦታ፤ ቀለሙ እየተላጠ ነው | በፖርታል | ጃንዋሪ 13 ሠራተኛ መጣ፤ ቦታውን ቀለም ቀባ፤ ከላይ ያለው ቤት አልታየም፤ ፖርታሉ ላይ "ተጠናቋል" ተባለ | የጥያቄው ቁጥር፤ ፎቶ 1 እና 2 |
| ጃንዋሪ 24፣ ዓርብ | እርጥበቱ ተመለሰ፣ ሰፋ፤ ከላይ ያሉት ሲታጠቡ ይንጠባጠባል | በፖርታል፣ ከፎቶ ጋር | ጃንዋሪ 27 መልስ መጣ፦ ሐሙስ ጃንዋሪ 30፣ ከጠዋቱ 9:00 እስከ 11:00 | የጥያቄው ቁጥር፤ ፎቶ 3 |
| ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ | በቀጠሮው ሰዓት ቤት ሰው አልነበረም፤ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቄ፣ እኔ ባልኖርም በቁልፋቸው እንዲገቡ በጽሑፍ ፈቀድኩ | በፖርታል | አዲስ ቀጠሮ ለፌብሩዋሪ 3 | የመልእክቱ ቅጂ |
| ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ | — | — | ሠራተኛው ኮርኒሱን ቀደደ፤ ውሃው ከላይኛው ቤት የመታጠቢያ ገንዳ ፍሳሽ መሆኑንና የቧንቧ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ ተናገረ፤ ቀዳዳውን ክፍት ትቶ ሄደ | ፎቶ 4 እና 5 |
| ፌብሩዋሪ 12፣ ረቡዕ | በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ሻጋታ፤ መንጠባጠቡ ቀጥሏል | በጽሑፍ መልእክት፣ ለሥራ አስኪያጇ | እስከ ፌብሩዋሪ 18 መልስ የለም | የመልእክቱ ምስል፤ ፎቶ 6 |

በመጀመሪያው ረድፍ እንጀምር። የስልክ ጥሪ በሕጉ ዓይን የጽሑፍ ማስታወቂያ አይደለም። እንዲያም ሆኖ ሰንጠረዡ ውስጥ ገብቷል፤ ምክንያቱም ተከራይዋ ብልሽቱን ባየች ጊዜ ዝም እንዳላለች ያሳያል። ውሃ እየፈሰሰ ሳታስታውቂ ቆይተሽ ጉዳቱን አባባስሽው ለሚል አከራይ መልሱ ይህ ረድፍ ነው። ይሁንና ከጃንዋሪ 6 ተነስቶ 30 ቀን መቁጠር አያስተማምንም። ኦፊሱ "እንዲህ ያለ ጥሪ አላስታውስም" ቢል፣ የስልኩ መዝገብ የሚያረጋግጠው መደወሏን ነው እንጂ የተባለውን አይደለም።

ሁለተኛው ረድፍ ለዓይን ቀላል ይመስላል፤ ለክርክሩ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። ፖርታሉ ላይ "ተጠናቋል" የሚል ምልክት አለ። አከራዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይህን ገጽ አትሞ ይመጣል፤ በ4 ቀን ውስጥ ሰው ልከናል፣ ሥራውም አልቋል ይላል። ሰንጠረዡ ይህን የሚመልሰው በሠራተኛው ላይ በመማረር አይደለም። ሠራተኛው ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ በአጭሩ ተጽፎበታል፤ ቀለም ቀባ፣ ከላይ ያለውን ቤት ግን አላየም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እርጥበቱ በ11 ቀን ውስጥ መመለሱ ሲታይ፣ የተሸፈነው ምልክቱ እንጂ ምክንያቱ እንዳልሆነ ያነበበ ሁሉ ይረዳዋል። ስለዚህ ሠራተኛ መጥቶ በሄደ ቁጥር በዚያው ምሽት ሁለት ነገር ይጻፍ፦ የነካው ነገርና ሳይነካ የሄደው ነገር። ችግሩ ሳይፈታ "ተጠናቋል" ከተባለም ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም። በፖርታሉ ላይ አዲስ ጥያቄ ከፍቶ የቀደመውን ቁጥር መጥቀስ ያስፈልጋል። አለዚያ በመዝገቡ ላይ ሁለት ያልተያያዙ ትናንሽ ብልሽቶች ሆነው ይቀራሉ።

በሦስተኛው ረድፍ ላይ "ከላይ ያሉት ሲታጠቡ ይንጠባጠባል" የሚለውን ልብ በሉት። ይህች አጭር ሐረግ ሁለተኛውን የአከራይ መከላከያ ትዘጋለች፤ ውሃው ከተከራይዋ ገንዳ ወይም ከአጠቃቀሟ የመጣ አይደለም። ከዚህም ሌላ ለቧንቧ ባለሙያው ትጠቅማለች። ኮርኒስ ላይ የሚታይ ውሃ ሳያቋርጥ ቀንና ሌሊት የሚወርድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ሁልጊዜ ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ መስመር ነው። ሰው ሲታጠብ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፍሳሹ መስመር ወይም የገንዳው ዙሪያ ነው። ተከራይ የቧንቧ ሙያ ሊኖራት አይጠበቅም። መቼ እንደሚንጠባጠብና መቼ እንደሚያቆም ግን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አራተኛውን ረድፍ ብዙ ሰው ከሰንጠረዡ ሊያወጣው ይፈልጋል፤ ለተከራይዋ የማይመች ነውና። የሆነው ይህ ነው፤ ቀጠሮውን ለእናቷ የነገረቻቸው በስልክ፣ "ሐሙስ 9 ሰዓት" ብላ ነው። እናት በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ሰሙት፤ ለእሳቸው 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ ፈረንጆቹ 3 የሚሉት ነው። ጠዋት ዘመድ ለመጠየቅ ወጡ። ሠራተኛው 9 ተኩል ላይ አንኳኩቶ የሚከፍት ሲያጣ ማስታወሻ ለጥፎ ሄደ። እንዲህ ያለ መተላለፍ በየቤታችን አለ፤ ከጥገና ቀጠሮ ጋር ሲገናኝ ግን "አላስገቡንም" የሚል ክስ ይወልዳል። ስለዚህ ቀጠሮ ለቤተሰብ ሲነገር "ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9" ብሎ ሁለቱንም መንገር ይሻላል። ካለፈም በኋላ መፍትሔው ረድፉን መደበቅ አይደለም። አከራዩ ማስታወሻውን በእጁ ይዟል፤ ተከራይዋ ከሰንጠረዡ ብታወጣው የተቀረውም ረድፍ ሁሉ ይጠረጠራል። እሷ ያደረገችው ትክክል ነው። በዚያው ቀን ጻፈች፤ እኔ ባልኖርም በቁልፋችሁ ግቡ አለች። ሕጉ የሚቃወመው ያለ በቂ ምክንያት መከልከልን ነው፤ ቀጠሮ አምልጧት በዚያው ቀን የመግቢያ ፈቃድ በጽሑፍ የሰጠች ሰው ከለከለች አይባልም።

አምስተኛው ረድፍ ላይ የጥያቄው ቦታ ባዶ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የአከራዩ የራሱ ሠራተኛ የብልሽቱን ምንጭ በዓይኑ አይቶ የተናገረበት ቀን ነው። ከፌብሩዋሪ 3 ጀምሮ አከራዩ ምክንያቱን አላወቅንም ሊል አይችልም። ሠራተኛው የተናገረው በቃል ስለሆነ፣ ከሄደ በኋላ "ዛሬ የመጣው ሠራተኛ ውሃው ከላይኛው ቤት ፍሳሽ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ የቧንቧ ባለሙያ መቼ ይመጣል?" ብሎ ለኦፊሱ አጭር መልእክት መላክ ነበረባት። ይህ በሰንጠረዡ ላይ የጎደለ ነገር ነው። ብትልከው ኖሮ የቃል ንግግሩ በጽሑፍ ይያዝላት ነበር፤ ኦፊሱ ሳያስተባብል ሲቀርም ዝምታው ለእሷ ይቆጠርላታል።

መጨረሻ ላይ "መልስ የለም" የሚለው ይገኛል። አንዳንዶች መልስ ያልተገኘበትን ሳጥን ባዶ ይተዉታል። ባዶ ሳጥን ግን ጸሐፊው የረሳው ሊመስል ይችላል። "እስከ ፌብሩዋሪ 18 መልስ የለም" ማለት ግን መልሱ ተጠብቆ እስከዚያ ቀን እንዳልመጣ የሚናገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። እኛ ቀኑን አስቀድመን መጻፍ ስለለመድን 3/2 ስንል ፌብሩዋሪ 3 ማለታችን ነው፤ አሜሪካዊ አንባቢ ደግሞ ማርች 2 ብሎ ያነበዋል። ቀን ላይ በሚመሠረት ክርክር የአንድ ወር ስሕተት ጉዳዩን ሊያበላሸው ይችላል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። ሰንጠረዡ ብቻውን ታሪክ ነው፤ ጥያቄውን የሚያቀርበውና ቆጠራውን የሚያስጀምረው ደብዳቤው ነው። የተከራይዋ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

> ፌብሩዋሪ 18፣ 2025
>
> ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ
>
> ጉዳዩ፦ በመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ ስለሚወርድ ውሃና ስለ ሻጋታ የቀረበ የጽሑፍ ማስታወቂያ
>
> ከላይኛው ቤት የሚወርድ ውሃ የመታጠቢያ ቤቴን ኮርኒስ አበላሽቶታል። ኮርኒሱ ከፌብሩዋሪ 3 ጀምሮ ተቀድዶ ክፍት ነው፤ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ሻጋታ በቅሏል። እስካሁን ያቀረብኳቸው ጥያቄዎችና የተሰጡኝ መልሶች በተያያዘው ሰንጠረዥ በየቀናቸው ተዘርዝረዋል። ስድስት ፎቶዎችም አብረው ተያይዘዋል።
>
> የላይኛው ቤት ፍሳሽ በቧንቧ ባለሙያ እንዲጠገን፣ ሻጋታው እንዲወገድ፣ የረጠበው ኮርኒስ ተነሥቶ እንዲተካ እጠይቃለሁ። ሥራው የሚጀመርበትን ቀን እስከ ፌብሩዋሪ 25 በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ።
>
> ሠራተኞች ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 8:00 እስከ ማታ 6:00 ባለው ጊዜ፣ እኔ ባልኖርም እንዲገቡ ፈቅጃለሁ። አስቀድሞ በመልእክት ቢነገረኝ መታጠቢያ ቤቱን ባዶ አደርጋለሁ።
>
> ኪራዬ እስከ ፌብሩዋሪ ያለው በሙሉ ተከፍሏል።
>
> ይህ ደብዳቤ በቨርጂኒያ የተከራይና አከራይ ሕግ መሠረት የቀረበ የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው።
>
> የተከራይ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። "እናቴ ታማለች" የሚል የለበትም፤ የሐኪም ወረቀት እስካልተያያዘ ድረስ እንዲህ ያለው ቃል ክርክሩን ከቧንቧው ወደ ሕክምና ይወስደዋል። ስለ መኪና ማቆሚያውና ስለ ጎረቤት ጩኸትም አልተነሣም። እነሱ እውነት ቢሆኑም ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ፈቃድ የሰጠችበት አንቀጽ ሦስተኛውን መከላከያ አስቀድሞ ይዘጋል። ስለ ኪራይ የምትናገረው አንዲት መስመር ደግሞ የግድ ናት። ውዝፍ ያለበት ተከራይ ክርክሩ ሳይጀመር ቦታውን ያጣል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አለኝ። ቤቱ እስኪጠገን ብሎ ኪራይ መያዝ፣ በወገኖቻችን መካከል እንደ መብት የሚወራ ቢሆንም፣ በቨርጂኒያ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ አደገኛ እርምጃ ነው። አከራዩ ባልተከፈለ ኪራይ የማስወጣት ሂደት ይጀምራል፤ በተከራዩም መዝገብ ላይ ክስ ይቀመጣል፤ ሌላ ቤት ሲፈልግ ያ መዝገብ ይከተለዋል። ሕጉ የሚፈቅደው ገንዘቡን በኪስ መያዝን ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ገቢ ማድረግን ነው።

ደብዳቤው እንዴት ይድረስ? መጀመሪያ ሊዙን ገልጦ ማስታወቂያ የሚላክበትን አድራሻ ማየት ነው። ሕጉ በእጅ መስጠትንም በተራ ፖስታ መላክንም ይቀበላል፤ የላከው ሰው ግን ስለ መላኩ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። በኢሜይል ወይም በፖርታል የሚላክ ማስታወቂያ የሚያስተማምነው ሊዙ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስታወቅን ከፈቀደ ነው፤ የጃንዋሪ 9ን ጥያቄ እንደ ቆጠራ መነሻ ለመውሰድ የማያስደፍረውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፖስታ ቤት ሄዶ "ሰርቲፊኬት ኦፍ ሜይሊንግ" መጠየቅ ጥቂት ዶላር ብቻ ይፈልጋል፤ በዚያ ቀን ወደዚያ አድራሻ ደብዳቤ መላኩን ፖስታ ቤቱ ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ተቀባይ የሚፈርምበትን አደራ ደብዳቤ ይመርጣል። ተቀባዩ ሳይፈርም ከቀረ ግን ደብዳቤው ሳይነበብ ተመልሶ ይመጣል። ተከራይዋ ሁለት መንገድ ተጠቀመች። አንዱን ቅጂ በፌብሩዋሪ 18 ኦፊሱ ድረስ ወስዳ በራሷ ቅጂ ላይ "ደርሷል" የሚል ማኅተምና ቀን አስደረገች፤ ሌላውን በዚያው ቀን በፖስታ ላከች።

ቆጠራው ከዚህ ይጀምራል። ደብዳቤው ፌብሩዋሪ 18 ደረሰ። የ2025 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ስለነበረች 30ኛው ቀን ማርች 20 ላይ ይውላል፤ "ከ30 ቀን በላይ" የሚባለው ከማርች 21 ጀምሮ ነው። በመካከሉ ኦፊሱ "የቧንቧ ባለሙያ እየፈለግን ነው" የሚል አንድ መልእክት ላከ፤ የመጣ ሰው ግን የለም። ያም መልእክት ሰንጠረዡ ላይ በቀኑ ገባ። የማርች ኪራይ ለአከራዩ እንደወትሮው ተከፈለ።

ራሷ አስጠግና ከኪራይ መቀነስ አትችልም ነበር ወይ? በክፍል 55.1-1244.1 መሠረት፣ ለጤና ወይም ለደህንነት ጠንቅ የሆነ ብልሽት በጽሑፍ ከተነገረ በኋላ አከራዩ በ14 ቀን ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ተከራይ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አስጠግኖ ወጪውን ከኪራዩ ሊቀንስ ይችላል። ጣሪያው የአንድ ወር ኪራይ ወይም 1,500 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። የሥራው ዝርዝርና ደረሰኙም ለአከራዩ ይሰጣል። ለማይሠራ ማሞቂያ ወይም በራስ ቤት ውስጥ ለተሰበረ ቧንቧ ጥሩ መንገድ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን አይሠራም፤ የሚፈሰው ነገር ያለው በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ የእሷ ባለሙያ እዚያ የመግባት መብት የለውም። የራሷን ኮርኒስ ብቻ ብታስደፍነው ጃንዋሪ 13 ላይ የሆነው ይደገማል፤ ወጪው ብቻ ወደ እሷ ይዞራል።

በዚህ መሐል የከተማውን የቤቶች ደንብ ተቆጣጣሪ መጥራት ይቻላል፤ መጥራቱም ይጠቅማል። ተቆጣጣሪው ደንብ ተጥሷል ብሎ ለአከራዩ የሚሰጠው ወረቀት በሕጉ እንደ ማስታወቂያ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ በሰንጠረዡ ላይ ከተከራይም ከአከራይም ያልሆነ የሦስተኛ ወገን ረድፍ ይጨምራል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ማመልከትም ሆነ ለአከራዩ ራሱ ስለ ብልሽት ማሳወቅ ለበቀል ምክንያት እንዳይሆን ሕጉ ከልክሏል። ኪራይ ከተጨመረ ወይም ውል አናድስም ከተባለ፣ የተባለበት ቀን ከደብዳቤው ቀን ጋር ጎን ለጎን የሚታየው በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ማርች 21 አለፈ፤ ቧንቧው አልተጠገነም። ተከራይዋ በዚያው ቀን ሮጣ አልከሰሰችም። ኪራዩ ለፍርድ ቤቱ ገቢ የሚሆነው ከመክፈያው ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ጊዜዋን ከወሩ መጀመሪያ ጋር አገናኘችው። ኤፕሪል 2 ቀን ቤቷ በሚገኝበት ከተማ ወደሚገኘው ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ሄዳ `DC-429` የሚባለውን ቅጽ ሞላች፤ የኤፕሪልን 1,900 ዶላርም ለአከራዩ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ገቢ አደረገች። ቅጹ ስለ ብልሽቱ የሚጠይቀውን ከደብዳቤው ላይ ገለበጠች፤ ሰንጠረዡንም አያያዘች። ጠበቃ መያዝ የማይችሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተከራዮች በዚህ አካባቢ ሊጋል ሰርቪሲስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ የሚባለውን ነፃ የሕግ አገልግሎት ሰጪ ማነጋገር ይችላሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ቅጹን ሲያስገባ ለጸሐፊው ይናገር፤ በችሎቱ ቀን መጠየቅ ቀጠሮውን ሊያራዝመው ይችላል።

አከራዩ መጥሪያው ከደረሰው በኋላ የመጀመሪያው ችሎት በ15 ቀን ውስጥ ይሆናል፤ ማሞቂያ ወይም ውሃ እንደመቋረጥ ያለ አስቸኳይ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም ይላል። ሦስት የታተሙ ቅጂዎች ይዞ መሄድ ጥሩ ነው፤ አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለአከራዩ፣ አንዱ ለራስ። ፎቶዎቹም በወረቀት ይታተሙ እንጂ በስልክ ብቻ አይሁኑ፤ እያንዳንዱም በሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ይጻፍበት። ዳኛው ጥያቄ ሲጠይቁ ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ አያስፈልግም፤ "ሁለተኛው ረድፍ፣ ጃንዋሪ 13፣ ፎቶ 2" ብሎ መመለስ ይበቃል። አከራዩ "ጠግነናል" ሲል ሦስተኛው ረድፍ፣ "አላስገባችንም" ሲል አራተኛው ረድፍና የደብዳቤው ሦስተኛ አንቀጽ፣ "አላወቅንም" ሲል አምስተኛው ረድፍና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይቀርባሉ።

ዳኛው ተከራይዋን ካመኑ ብዙ ነገር ማዘዝ ይችላሉ። ከጃንዋሪ ጀምሮ ቤቱ ከነበረበት ሁኔታ ጋር እንዲመጣጠን ኪራዩ እንዲቀነስ፣ ፍርድ ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ለጥገናው እንዲውል ወይም ለአንዱ ወገን እንዲከፈል፣ ካስፈለገም ውሉ እንዲቋረጥ ሊወስኑ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው ከዚህ የቀለለ ነው፤ ገንዘቡ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ለአከራዩ የመጠገኛ ቀን ይቆረጥለትና ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። አከራዩ በ6 ወር ውስጥ ለመጠገን ምንም ተገቢ ጥረት ካላደረገ የተጠራቀመው ገንዘብ ለተከራዩ ይመለሳል።

ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ የየወሩ ኪራይ በዚያው የ5 ቀን ገደብ ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ገቢ መሆኑን መቀጠል አለበት። አንድ ወር ቢዘገይ፣ የቀደመው ሰንጠረዥ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ክሱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ተከራይዋ በሰንጠረዡ ላይ አዲስ ረድፍ ጨመረች፦ "ሜይ 1፣ ሐሙስ፤ የሜይ ኪራይ 1,900 ዶላር ለፍርድ ቤቱ ገቢ ሆነ፤ ደረሰኝ ተያይዟል።" ቀጥሎም፦ "ሜይ 6፣ ማክሰኞ፤ የቧንቧ ባለሙያ ወደ ላይኛው ቤት ገባ፤ የገንዳው ፍሳሽ መገጣጠሚያ ተቀየረ፤ የእኔ ኮርኒስ አልተነካም፤ ፎቶ 9።"